ከሳይት ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፦ አንዲት የሲቪ አንቀጽ ስትታደስ

ማክሰኞ ማታ

ሥራው አንድ አንቀጽ ነው። ሲቪ ላይ ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥላ የምትመጣው፣ «ፕሮፋይል» ወይም «ሰመሪ» የምንላት። ባለጉዳይዋ ሲቪል መሐንዲስ ናት። ጎንደርና ዙሪያዋን ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ መጀመሪያ ሳይት መሐንዲስ፣ ኋላ ኦፊስ ኢንጂነር ሆና። አሁን ወደ ፕሮጀክት ማኔጅመንት መዞር ትፈልጋለች። ስሟን አልጽፍም፤ እዚህ ኢንጂነሯ ናት።

እኔ ብዙ ዓመት የኖርኩት ሲቪ በሚያነበው ወገን ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አሁን ሰው ሲመጣብኝ ወዲያ ማዶ ተሻግሬ አግዛለሁ።

ፒያሳ ተቀምጠን ሻይ እስኪመጣ አነበብኩት። መግቢያዋ እንዲህ ይላል፦

«ታታሪ፣ ለሥራ ከፍተኛ ተነሳሽነት ያላት፣ በግልም በቡድንም መሥራት የምትችል፣ የሥራ ጫናን የምትቋቋም ሲቪል መሐንዲስ። በሕንፃ ዲዛይንና ግንባታ የ7 ዓመት ልምድ ያላት። አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሳፕ፣ ኤምኤስ ፕሮጀክትና ኤክሴል በሚገባ የምታውቅ። የፒኤምፒ ሰርተፊኬት ያላት። ዕውቀቷንና ክህሎቷን ተጠቅማ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሏን ለማበርከት የምትሻ።»

ዋናው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚላከውም በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ግን የምንሠራው በአማርኛ ነው። መጨረሻ ላይ እሷው ትገለብጠዋለች።

ያመለከተችባቸውን ማስታወቂያዎችም ይዛ መጥታለች። ሁለቱ የእርዳታ ድርጅት «ፕሮጀክት አስተባባሪ» ናቸው፤ አንዱ የአማካሪ ድርጅት ነው። አንዳቸውም አልጠሯትም።

«ልምድ ስለሌለኝ ነው» አለች።

አይመስለኝም። ኮሚቴ ፊት የሚቀመጠው ሲቪው ብቻ አይደለም። አጠገቡ ከማስታወቂያው የወጣ ሰንጠረዥ አለ። ትምህርት፣ ዓመት፣ አግባብ ያለው ልምድ፣ አንዳንዴም «ከባለድርሻ አካላት ጋር የመሥራት ልምድ»። አንባቢው ለእነዚህ ራይት የሚያደርግበት ነገር ነው የሚፈልገው። «ታታሪ» ለሚለው ዓምድ የለውም። ሁሉም ታታሪ ነኝ ስለሚል ማንንም ከማንም አይለይም።

የከፋው ግን እሱ አይደለም። አንቀጿን ለማያውቃት ሰው ብትሰጡት «ዲዛይነር ናት» ይላል። ከጠቀሰቻቸው ሶፍትዌሮች የሚበዙት የዲዛይን ናቸው። የፕሮጀክት አስተባባሪ ክምር ውስጥ ሲያገኛት «ይቺ በስህተት ነው የገባችው» ብሎ ያልፋታል።

የቤት ሥራ ሰጠኋት። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ምን እንደተገነባ አትጻፊ አልኳት። ምን እንደወሰንሽ፣ ለማን እንደደወልሽ፣ በእጅሽ የትኛው ወረቀት እንደወጣ ጻፊ።

ሐሙስ

ዛሬ ያነሳነው «የፒኤምፒ ሰርተፊኬት ያላት» የምትለዋን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቢያምር ይህቺ ብቻዋን ሰው ትጥላለች።

ሰርተፊኬቱን አሳይኝ አልኳት። ስልኳ ላይ ፎቶ አለ። በትልቁ «ፒኤምፒ»፣ ከሥሩ በትንሹ «የዝግጅት ሥልጠና፣ 35 ሰዓት» ይላል።

«ሲሰጡን ፒኤምፒ ብለው ነው እኮ ጋሼ።»

ሥልጠናው እውነተኛ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ግን ፒኤምፒ አይደለም። ፒኤምፒን የሚሰጠው ፒኤምአይ የሚባለው፣ መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም ነው። 35 ሰዓቱ ለፈተናው ለመቀመጥ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው በዚያ ላይ ፕሮጀክት የመምራት የ36 ወር ልምድ ይጠየቃል። ከዚያ ፈተናው አለ። ተቋሙ ሰርተፊኬቱን የያዙ ሰዎች የሚፈለጉበት መዝገብ ድረ ገጹ ላይ ስላለው ቀጣሪ ስም ጽፎ ማጣራት ይችላል። ስሟ ከሌለ ነገሩ እዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ «አሠልጣኞቹ ናቸው» ማለት አይሠራም።

ደስ የሚለው ነገር 36 ወሩ በሥራ መደብ ስም አለመቆጠሩ ነው። ሰውዬው «ፕሮጀክት ማናጀር» ይባል አይባል ዋና ጉዳይ አይደለም። የሚታየው ፕሮጀክት መምራቱ ነው። ስለዚህ ከሰባት ዓመቷ ውስጥ የተወሰነው ሊቆጠርላት ይችላል። የቱ እንደሚቆጠር ለማወቅ ደግሞ ለሲቪው የምንሠራው ሥራ ራሱ ያግዛታል።

ታች ያለው ሰርተፊኬት፣ ሲኤፒኤም የሚባለው፣ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። እሱን ብወስድስ ብላ ጠየቀች። ለአዲስ ተመራቂ ጥሩ ነው። ሰባት ዓመት ሳይት ላይ የቆመ ሰው ግን ገንዘቡን ለፒኤምፒው ቢያስቀምጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሐረጉ «የ35 ሰዓት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሥልጠና ያጠናቀቀች» ሆነ። «ለፒኤምፒ በመዘጋጀት ላይ» የምትል ልትጨምር ፈልጋ ነበር። ማመልከቻ አስገብተሻል? አልኳት። ገና ነው። እንግዲያው ይቅር።

ሶፍትዌሮቹ አልከበዱም። አውቶካድ፣ ኢታብስና ሳፕ ከመግቢያው ወጡ፤ ታች በክህሎት ዝርዝር ይቀመጣሉ። ኤምኤስ ፕሮጀክትን መግቢያው ላይ ከማቆየታችን በፊት ላፕቶፑን ክፈቺና ክሪቲካል ፓዙን፣ ማለቂያውን ቀን የሚወስኑትን ሥራዎች ሰንሰለት፣ አሳይኝ አልኳት። ሳትንገዳገድ አሳየችኝ። ይቆያል።

ቅዳሜ

ደብተሯን ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያ፣ የአስተዳደር ሕንፃ፣ አጥር፣ ትምህርት ቤት። ሁሉም ላይ የወለል ብዛትና ካሬ ሜትር አለ። እሷ ግን የለችበትም። መሐንዲሶች ዘንድ ይህ ነገር ተደጋግሞ ያጋጥመኛል። ሕንፃውን ይነግሩሃል፤ ራሳቸውን ከሕንፃው ጀርባ ይደብቃሉ።

ከዝርዝሩ አንዱን መርጠን ስንቆፍር ዋልን። ከጎንደር ወደ ደንቢያ ሜዳ ሲወረድ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ጂ ፕላስ ዋን፣ ስምንት መማሪያ ክፍል። ውሉ 18.4 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው 300 ቀን። የሳይት ርክክቡ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነበር።

ኅዳር ላይ ቁፋሮ ተጀመረ። ፕላኑ የመሠረቱን ጥልቀት 1.5 ሜትር ይላል። 1.5 ሜትር ሲደረስ ግን አፈሩ አሁንም ጥቁር ነው። ያን አፈር የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ያረፈበትን ግድግዳ ይዞት ይሰነጠቃል። ደህና መሬት የተገኘው 2.4 ሜትር ላይ ነው።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እስኪፈቀድ ጠበቅን።»

አልጠበቀችም። ግን ይህን ለማውጣት ጥያቄው መቀየር ነበረበት። ምን አደረግሽ ሲባል ሰው ያሳጥራል። ያን ቀን መጀመሪያ ለማን ደወልሽ? አልኳት። ለአማካሪው ተጠሪ መሐንዲስ። መቼ? ወዲያው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማ። ከዚያስ? ሜትሩን ዘርግታ ፎቶ አነሳች። በማግስቱ ተጠሪ መሐንዲሱ፣ እሷና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከው ባለሙያ አብረው ለኩ። ልኬቱን ሦስቱም ፈረሙበት።

ያቺ ፊርማ ቀላል አይደለችም። ጉድጓድ ይሞላል። ከተሞላ በኋላ 2.4 ሜትር ነበር ብሎ መከራከር አይቻልም። ብዙ ተቋራጭ በዚህ ገንዘቡን ያጣል፤ ሥራውን ይሠራል፣ ማስረጃው ከአፈሩ ጋር ይቀበራል።

ቀጠለች። የውል ለውጥ ጥያቄውን እሷ ጻፈችው። ለተጨማሪው ቁፋሮ ቢኦኪው፣ የውሉ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር፣ ላይ ያለውን ነጠላ ዋጋ ተጠቀመች። ከሌላ ቦታ ተጭኖ ለሚመጣው ሙሌት ግን ዋጋ ስላልነበረው የመኪናውን፣ የካባውንና የመጠቅጠቂያውን ወጪ ዘርዝራ አዲስ ዋጋ ሠራች። ድምሩ 1.2 ሚሊዮን ብር ወጣ፤ የውሉ 6.5 በመቶ ግድም ነው። ከዚያ ጋር የ60 ቀን ማራዘሚያ ጠየቁ። 45 ተፈቀደላቸው።

መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ነው እሷ «ጠበቅን» ያለችው። በዚያ ጊዜ ፌሮው ተቆርጦ ተጣጥፎ አለቀ። ብሎኬቱ ተመርቶ ውኃ እየጠጣ ሰነበተ። መጸዳጃ ቤቱ ለብቻው የቆመና መሠረቱ ቀላል ስለሆነ ግንበኞቹ ወደዚያ ዞሩ። ሠራተኛ አልተበተነም። ይህን ያዘዘው ማነው? የተቋራጩ ፕሮጀክት ማናጀር ባሕር ዳር ነው የሚቀመጠው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል። ዕቅዱን ከልሳ በስልክ ያስፈቀደችው እሷ ናት።

አዲሱ ዕቅድ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነበር፤ ክረምት ሳይገባ ጣሪያው መልበስ አለበት። ጣሪያ ካለ ልስኑም ወለሉም በዝናብ ይሠራል። ጣሪያ ከሌለ እስከ መስከረም እጅ ማጣጠፍ ነው። ቆርቆሮው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተመታ። ጊዜያዊ ርክክቡ በ338ኛው ቀን ሆነ፤ ተማሪዎቹ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው።

ከዚህ ወዲያ ልምድ የለኝም ብትለኝ አልሰማትም። የሥራ ወሰን ተለወጠ፤ ለውጡን በሰነድ አስፈቀደች። ጊዜ ተናጋ፤ ቅደም ተከተሉን አዛውራ አዳነችው። ወጪ ጨመረ፤ አስልታ አስረዳች። የእርዳታ ድርጅቶቹ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።

ልንነሳ ስንል ሌላ ነገር ጣል አደረገች። ትምህርት ቤቱ ግንባታው እያለ ያስተምር ነበር። የአሸዋና የድንጋይ መኪኖች በተማሪዎቹ በር ነው የሚገቡት። ርዕሰ መምህሩ ተቆጥተው አንድ ቀን በሩን ዘጉት። እሷ ከሳቸውና ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተቀምጣ መኪና የሚገባው ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። በአንድ ገጽ ተጻፈ፤ ተፈረመ። ለሾፌሮቹ ቅጂ ታደለ።

«ይህንንም ሲቪ ላይ ይጽፉታል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አዎ። «ከባለድርሻ አካላት ጋር የመሥራት ልምድ» ለሚለው ዓምድ ከዚህ የተሻለ ራይት አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት

ዛሬ በስልክ ነው የሠራነው። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ራሷ ረቂቅ አውጥታለች። ትናንት ራሷን ደብቃ የነበረችው ልጅ ዛሬ ሁሉን ነገር ብቻዋን ሠርታለች። «የ18.4 ሚሊዮን ብር ፕሮጀክት መራሁ። በጀት አስተዳደርኩ። 60 ሠራተኞችን አስተዳደርኩ። ፕሮጀክቱን ከጊዜው 7 ቀን ቀድሜ አስረከብኩ።»

አንድ በአንድ ሄድንበት። ግሥ ሲመረጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ነገሩ ቢበላሽ ስልኩ የሚደወለው ለማን ነበር?

በጀቱ ቢበላሽ የሚደወለው ለፕሮጀክት ማናጀሩ ነው። እሷ ክፍያ ማዘዝ አትችልም። የተሠራው ተለክቶ ክፍያ የሚጠየቅባቸውን የክፍያ ሰርተፊኬቶች ግን እሷ ነበረች የምታዘጋጀው፤ ልኬቱ ቢሳሳት የሚደወለው ለእሷ ነው። ስለዚህ «በጀት አስተዳደርኩ» ወጣ፤ «የክፍያ ሰርተፊኬት አዘጋጀሁ፣ የወጪ ለውጥ አሰላሁ» ገባ። ሲያዩት ያነሰ ይመስላል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ስለ ክፍያ ሰርተፊኬት ግማሽ ሰዓት ማውራት ትችላለች። በጀት ስለማስተዳደር ቢጠይቋት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትቆማለች።

60 ሠራተኞቹም እንዲሁ። በቀጥታ ያዘዘችው ሦስት ፎርማኖችን ነው። የቀን ሠራተኛው በእነሱ ሥር ነው። «ሦስት ፎርማኖችን በቀጥታ፣ በእነሱ በኩል እስከ 60 ሠራተኛ» አልን። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህችን ሲያነብ ያምናታል።

«መራሁ» ለሙሉ ፕሮጀክቱ አይሆንም። ለሳምንታዊው የሳይት ስብሰባ ግን ይሆናል። ማናጀሩ በሌለበት አጀንዳ የምታወጣው፣ ስብሰባውን የምትመራው፣ ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው እሷ ነበረች።

«7 ቀን ቀድሜ» ላይ ትንሽ ተከራከርን። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። 300 ላይ 45 ሲጨመር 345 ነው፤ በ338 አስረከቡ። ነገር ግን 45ቱን ሳይጠቅሱ «ቀድሜ» ማለት አንባቢው በ293 ቀን ያለቀ እንዲመስለው ያደርጋል። ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ስልክ ቢመታና «300 ቀን ነበር፣ 338 ፈጀ» ቢባል፣ ከዚያ በኋላ የምትለው ሁሉ ይጠረጠራል። «በተራዘመው የውል ጊዜ ውስጥ» ብንል ምንም አይጎድልባትም። እንዲያውም «ለምን ተራዘመ?» የሚል ጥያቄ ይጋብዛል። እሷም ያን ጥያቄ እንዲጠይቋት ነው የምትፈልገው።

«እሺ ጋሼ፣ አሸነፉኝ» አለች። ድምጿ ግን የተሸነፈ ሰው አይመስልም።

የብሩን መጠን ከመግቢያው አወጣነው። ብር በየዓመቱ ዋጋው ይለወጣል፤ ያኔ ትልቅ የነበረው ውል ዛሬ ትንሽ መስሎ ይታያል። በዶላር ይቀየር እንዳይባል ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊትና በኋላ ያለው ሂሳብ ሰማይና ምድር ነው። ታች በሥራ ልምዱ ሥር ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ይቀመጥ። መግቢያው ላይ ስምንት ክፍል ማለት ለማንም ይገባል።

ማክሰኞ

የተስተካከለውን ረቂቅ ለአንድ የድሮ ባልደረባዬ አሳየሁት። እሱ አሁንም ቅጥር ላይ አለ። ስለ ሰውዬዋ ምንም አልነገርኩትም። አንብበውና ለምን ሥራ ያመለከተች ይመስልሃል? ብቻ አልኩት።

ረቂቁ የሚጀምረው «በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በአስተዳደር ሕንፃ ግንባታ የ7 ዓመት ልምድ ያላት ሲቪል መሐንዲስ» ብሎ ነው። መሠረቱና ማራዘሚያው መሐል ላይ ነው ያለው።

ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ጎበዝ ሳይት መሐንዲስ ናት። ግንባታ ያለው ፕሮጀክት ሲመጣ እንጠራታለን» አለ።

መሐል ያለውን አነበብክ? አልኩት። «አየት አድርጌዋለሁ።»

ይዘቱ እንግዲህ ደህና ነው። ቅደም ተከተሉ ነው ያሰናከላት። አንባቢ በመጀመሪያው መስመር መደርደሪያ ይመርጣል፤ የቀረውን የሚያነበው በዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ነው። «ግንባታ» የሚለው ከቀደመ፣ ዕቅድ ማለት የኮንክሪት ዕቅድ ይሆንበታል። የምትሠራው የፕሮጀክት ሥራ መቅደም አለበት፤ ግንባታው ያንን የሠራችበት ቦታ ሆኖ ይከተል።

ታዲያ «ፕሮጀክት ማናጀር» ብላ ለምን አትጀምርም? ማታ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንን ነው። አይሆንም። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ «ሳይት መሐንዲስ» እና «ኦፊስ ኢንጂነር» ነው የሚለው። እኛ አገር ሲቪ ብቻውን አይሄድም፤ ደብዳቤው ከኋላው ይከተላል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታመነው ማኅተም ያለበት ነው። «ሲቪል መሐንዲስ» የሚለው ዲግሪዋ ስለሆነ ማንም አይነጥቃትም። ከሱ ቀጥሎ የምትሠራው ይግባ።

ለምን ሙያ እንደምትቀይርም መግቢያው ላይ አንጽፍም። «አዲስ ፈተና ፍለጋ» የምትል ነበረቻት፤ ሰረዝናት። ምክንያቱ በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ይሻላል። እዚህ አቅጣጫዋ ከታየ ይበቃል።

ረቡዕ

ይኸው፦

«ሲቪል መሐንዲስ፤ በሕዝብ አገልግሎት ሕንፃዎች ግንባታ ላይ የሥራ ዕቅድ፣ የውል ለውጥና የባለድርሻ አካላት ቅንጅት በመሥራት የ7 ዓመት ልምድ ያላት። በስምንት ክፍል ትምህርት ቤት ፕሮጀክት ላይ ያልታሰበ የመሠረት አፈር ችግር ሲያጋጥም የውል ለውጥና የ45 ቀን ማራዘሚያ የተፈቀደበትን ሰነድ አዘጋጅታለች፤ ጣሪያው ከክረምት በፊት እንዲያልቅ የሥራውን ቅደም ተከተል ከልሳለች፤ የሕንፃው ርክክብ በተራዘመው የውል ጊዜ ውስጥ ተፈጽሟል። ሦስት ፎርማኖችን በቀጥታ፣ በእነሱ በኩል እስከ 60 ሠራተኛ አስተባብራለች። ከአማካሪው፣ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከወላጅ ኮሚቴ ጋር በቅርበት ሠርታለች። የ35 ሰዓት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሥልጠና አጠናቃለች፤ በኤምኤስ ፕሮጀክትና በኤክሴል ትሠራለች። የምታመለክተው ለፕሮጀክት አስተባባሪነት ነው።»

ባልደረባዬ ይህንን ሲያነብ መጀመሪያ ያለው «ማራዘሚያውን ማን ፈቀደላቸው?» ነው። ለምን ሥራ እንዳመለከተች መጠየቅም አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር አልወደደላትም። «በቅርበት ሠርታለች» ባዶ ነው አለ። እውነቱን ነው። በምትኩ «የተማሪዎች ትምህርት ሳይቋረጥ ግንባታው እንዲቀጥል ከወላጅ ኮሚቴና ከትምህርት ቤቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት አድርጋለች» ገባ። ረዘመ። ቦታ ለማግኘት የ60 ሠራተኛው ሐረግ ወጥቶ ወደ ሥራ ልምዱ ወረደ፤ ፎርማኖቹ ቀሩ። ኤክሴልም ወጣ። ኤክሴል የማይችል አስተባባሪ ማን ይቀጥራል?

ዓርብ

ለአማካሪ ድርጅት የሚሆን ሌላ ቅጂ ሠራን። እዚያ የወላጅ ኮሚቴው ብዙም አያጓጓም። የሚፈልጉት ውል የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የወላጅ ኮሚቴው ወጣ፤ በምትኩ የክፍያ ሰርተፊኬቱ፣ የጋራ ልኬቱና አዲስ ነጠላ ዋጋ አዘገጃጀቱ ገባ። የተቀየረው አንድ ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻዋ መስመር ነው። መግቢያ በየማስታወቂያው እንደ አዲስ ይጻፍ የሚሉ አሉ፤ እኔ ታሪኩ አንድ ሆኖ ማስረጃው ቢለዋወጥ ይበቃል እላለሁ።

የሊንክዲኑ ግን ለብቻው ነው። እዚያ «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል እስከ 2,600 ፊደል ይቀበላል። ተፈቀደ ተብሎ አይሞላም። ሰው ገጹን ሲከፍት የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ የቀረውን ለማየት መጫን አለበት። በራሷ አንደበት፣ ከጉድጓዱ ጀመረችው፦ «የመሠረት ቁፋሮ 1.5 ሜትር ደርሶ አፈሩ አሁንም ጥቁር ነበር። ቀጥሎ የሠራሁት ግንባታ ሳይሆን የፕሮጀክት አስተዳደር ነው።» ይህቺ የራሷ ናት፤ አልነካኋትም። የመኪኖቹም ታሪክ እዚያ ሙሉ ቦታ አገኘ። ለምን እንደምትዞርም እዚያ ጽፋዋለች፤ ቦታው ይፈቅዳል።

ከስሟ ሥር የምትመጣው መስመር 220 ፊደል ነው የምትይዘው። «ሥራ በመፈለግ ላይ» የሚል ነበረባት። አሁን «ሲቪል መሐንዲስ | የፕሮጀክት ዕቅድ፣ የውል አስተዳደር፣ የባለድርሻ ቅንጅት | የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግንባታ» ይላል። ቀጣሪ ሲፈልግ የሚጽፋቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፤ «ሥራ ፈላጊ» ብሎ የሚፈልግ የለም።

የቀረው ደብዳቤው ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የሥራ ልምድ ማስረጃ መደብ፣ ጊዜና ደመወዝ ብቻ ነው ያለው። የሠራችው ሥራ አልተዘረዘረም። መሥሪያ ቤቱ የግል ስለሆነ የሥራ ግብር መከፈሉም መጠቀስ አለበት፤ ብዙ ማስታወቂያ ይህን ይጠይቃል፤ ከሌለ ዓመቱን የማይቆጥር ኮሚቴ አለ። የሚዘረዘሩትን ተግባራት ራሷ በአምስት መስመር ጽፋ ወሰደችላቸው። ለጸሐፊዋ ሥራ ሲቀንስላት ደብዳቤው ቶሎ ይወጣል። መስመሮቹ ከመግቢያው ጋር አንድ ዓይነት ግሥ ነው የሚጠቀሙት፤ «አዘጋጅታለች»፣ «አስተባብራለች»፣ ስብሰባው ላይ ብቻ «መርታለች»።

ማኅተም የሚያደርጉት ሰውዬ ሰኞ ይገባሉ ተባለ። አሁን የምታመለክትበት የእርዳታ ድርጅት ማስታወቂያ የሚዘጋው ረቡዕ ነው። ሰኞ ካልተሳካ ባለው ደብዳቤ ታስገባለች፤ መደቡና ዓመቱ ከሲቪው ጋር ስለሚስማሙ፣ ግብሩን የሚጠይቅ ኮሚቴ ካልገጠማት፣ አያስጥላትም። እንግሊዝኛውን ነገ ትልክልኛለች።